የወደቀው ድንጋይ ጨርሷል፤ ያልወደቀውን ተመልከቱ

ጓደኞቼ፣ ሰሞኑን አንድ ነገር ጥርት ብሎ ገብቶኛልና ልንገራችሁ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ባለበት ሁሉ ሲኖትራክ እየመጣ ጥቁር ድንጋይ ሲገለብጥ እናያለን። ያ ድንጋይ የሚወጣው ከከተማው ዳር ዳር ካሉ ካባዎች ነው። ካባ ማለት እየተቆፈረና እየተፈነቀለ ሄዶ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ግድግዳ የሆነ ቦታ ነው። መኪናው የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዴም በዚያው ግድግዳ ሥር ነው የሚያልፈው።

ጥያቄው እንግዲህ እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን ጠዋት ከግድግዳው ድንጋይ ተንዶ ያን መንገድ ቢዘጋውስ? ሎደር አለ፣ ኤክስካቫተር አለ፣ ጉልበት ያለው ሠራተኛ አለ። ጠርጎ መቀጠል ነው እንጂ ሪፖርት፣ ክልከላ፣ ፍተሻ እየተባለ ግማሽ ቀን የሚባክነው ለምንድን ነው?

መልሱ እንዲህ አጭር መሆኑ ገረመኝ፦ የወደቀው ድንጋይ ጨርሷል፤ የሚያሰጋው ገና ያልወደቀው ነው። ሁላችንም ዓይናችን የሚያርፈው መንገዱን በዘጋው ክምር ላይ ነው። የካባ ሰዎች ግን ክምሩን ትተው ወደ ላይ ያያሉ። ድንጋዩ የለቀቀው ቦታ ላይ ምን ቀረ? ከሥሩ ድጋፉን ያጣ፣ ከጎኑ የተላቀቀ ሌላ ድንጋይ ተንጠልጥሎ ይሆን? ይህ አንድ ነገር ከገባችሁ፣ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በራሱ ይከተላል።

መጀመሪያ ግን ድንጋይ ለምን ይወድቃል?

የኛ አካባቢ ድንጋይ ባዛልት ነው። ባዛልት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣና በኋላ የቀዘቀዘ ነው። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማንም ሳይነካው፣ ድማሚት ሳይቀበርበት፣ ድንጋዩ ከመነሻው ስንጥቅ ያለው ነው! በዚያ ላይ የፈሰሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። አንዱ ፍሳሽ ቀዝቅዞ፣ ላዩ በጊዜ ብዛት ወደ ቀይ አፈር ተለውጦ፣ ከዚያ ሌላው በላዩ ላይ የፈሰሰበት ቦታ ብዙ ነው። የካባ ግድግዳ ላይ በሁለት ጥቁር ድንጋይ መካከል ቀይ መስመር ካያችሁ ያ ነው። ቀዩ አፈር ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታልም።

አሁን ክረምቱን ጨምሩበት። ባሕር ዳር ላይ አብዛኛው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ውኃው ከግድግዳው አናት ባለው ስንጥቅ ይገባና ይጠራቀማል። እኔን አፌን ያስያዘኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ጀሪካን አስቡ። ጎኑን ከላይ አንድ ቦታ፣ ከታች ደግሞ ሌላ ቦታ ብንበሳውና ውኃ ብንሞላው፣ ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውኃ በኃይል ይፈናጠራል፤ የላይኛው ግን ደከም ይላል። ውኃ ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል ማለት ነው። በስንጥቅ ውስጥ የቆመ ውኃም ድንጋዩን ወደ ውጭ የሚገፋው በዚሁ ሕግ ነው። 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ እስከ አፉ ቢሞላ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 2 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። ጥልቀቱ እጥፍ ሆኖ 4 ሜትር ቢሆንስ? 4 ቶን ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም፣ 8 ቶን ገደማ ነው! ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ቆይ፣ አላለቀም። የስንጥቁ ስፋት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም! ጣት የማያስገባ ቀጭን ስንጥቅም ሆነ ክንድ የሚያስገባ ሰፊ ስንጥቅ፣ ጥልቀታቸው እኩል ከሆነና እኩል ከሞሉ እኩል ይገፋሉ። ልዩነቱ ቀጭኑ በጥቂት ባልዲ ውኃ መሙላቱ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ ይበቃዋል። «ትናንት እኮ ምንም አልነበረውም» የሚባለው ግድግዳ ጠዋት ተንዶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ካባው እኔ በሐሳቤ የሠራሁት ነው፤ ቁጥሮቹ ግን በእውነተኛ ካባ የሚያጋጥሙ ዓይነት ናቸው። የግድግዳው ቁመት 15 ሜትር ነው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ድንጋይ ተንዶ መግቢያው መንገድ ላይ ወደቀ። ሁለት ገልባጭ መኪናዎች ከክምሩ ወዲያ፣ ከውስጥ በኩል ቀሩ። የተጎዳ ሰው የለም።

ክምሩ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው በአማካይ 1 ሜትር ነው እንበል። ሲባዛ 24 ሜትር ኩብ ይመጣል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሲታሰብ አንድ ጭነት ተኩል ብቻ ነው! ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ክምሩ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ሰው «ይቺን? በአንድ ሰዓት እናነሳታለን» ይላል። ግን ከ15 ሜትር ከፍታ የሚለቅ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 2 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አልፏል። አንድ ሜትር ኩብ ባዛልት ደግሞ 3 ቶን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። «ሽሽ!» ብሎ ጮሆ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ የለም። ስለዚህ ጥበቃው ከርቀት እንጂ ከሩጫ አይመጣም።

ይህ ፍርሃት በባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ የአፈር ናዳ እንጂ የካባ ድንጋይ አልነበረም። ግን ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት ተሰብስበው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ናዳ ሰው ይሰበስባል፣ ሁለተኛው የተሰበሰበውን ያገኛል። ክልከላ የሚባለው ነገር የተፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ላለችው ሰዓት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው። ማሽኖች ይጠፋሉ፣ ሰው ሁሉ ከግድግዳው ይርቃል፣ ከዚያ ይቆጠራል። «ሁሉም ያለ ይመስለኛል» አይበቃም፤ የዕለቱ መዝገብ ወጥቶ ስም በስም ይጠራል። የቀን ሠራተኛው፣ ረዳቱ፣ ቡና የምታፈላዋ፣ ድንጋይ ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር። በወዲያኛው በኩል የቀሩት ሾፌሮች ክምሩን ተረማምደው እንዳይመጡ በስልክ ይነገራቸዋል። ሞተር አጥፍተው ከግድግዳው ርቀው ይቆያሉ። ክምሩን መውጣት ማለት ተንጠልጥሎ በቀረው ድንጋይ ሥር መቆም ነውና።

ቀጥሎ መዝጋት ይመጣል። እስከ የት? የወደቁ ድንጋዮች ተንከባለው የሚቆሙበትን ቦታ የለኩ ሰዎች ያገኙት ነገር አለ፦ ከግድግዳው አናት እስከ መጨረሻው ድንጋይ በሐሳብ መስመር ብንዘረጋ፣ ያ መስመር ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ አያንስም። ሜዳ ላይ ይህ ሲሰላ ከግድግዳው ቁመት ሁለት እጥፍ ትንሽ ያነሰ ርቀት ይመጣል። ስለዚህ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ሁለት እጥፍ ብሎ መዝጋት ጥሩ መነሻ ነው። በኛ ካባ 15 ሲባዛ በ2፣ 30 ሜትር። መሬቱ ከግድግዳው ወዲህ ቁልቁል ከሆነ ግን ድንጋይ እየተንከባለለ ስለሚሄድ 30 ሜትር አይበቃም፤ ይጨመራል።

የብዙ ሰው ልብ የማይሄድበት ሌላ ቦታ ደግሞ አለ፤ እሱም የግድግዳው አናት ነው። ከታች ሲዘጋ ሕፃናትና ከብት ጠባቂዎች «ምን ሆነ?» ብለው ለማየት ከላይ ጫፉ ላይ ይሰበሰባሉ። ስንጥቆቹ ያሉት ግን እዚያው እግራቸው ሥር ነው! ስለዚህ አናቱም ከመጨረሻው ስንጥቅ ወዲያ ሰፋ ተደርጎ ይከለላል። መንገዱ ላይ ሪባን መወጠር ብቻውን አያዋጣም፤ ሪባን ነፋስ ይበጥሰዋል፣ የቸኮለ ሾፌርም ከፍ አድርጎ ያልፈዋል። የአፈር ወይም የድንጋይ ክምር መንገዱን ቆርጦ ይደረጋል፣ ሰው ይቆምበታል፣ ለዚያ ሰው ስልክና በማን ትእዛዝ እንደሚከፍት የሚያውቅበት ስም ይሰጠዋል።

አሁን ሪፖርቱ። መጀመሪያ በስልክ፣ ወዲያው ደግሞ በጽሑፍ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው አደጋ ሊያስከትል የሚችል ሁኔታ ሲያይ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አሠሪው ደግሞ በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት። በምሳሌያችን የተጎዳ ሰው ባይኖርም፣ ማስታወሻው ለካባው ኃላፊና ፈቃዱን ለሰጠው የማዕድን ጽሕፈት ቤት ቢደርስ ነገ የሚመጣው ባለሙያ ከዜሮ አይጀምርም። እኔ ብጽፈው እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ዛሬ ከጠዋቱ 1፡20 ከካባው ምሥራቃዊ ግድግዳ ድንጋይ ተንዶ መግቢያ መንገዱን በ6 ሜትር ርዝመት ዘግቷል። የክምሩ ግምት 24 ሜትር ኩብ፣ ትልቁ ድንጋይ ወደ 1 ሜትር ኩብ። ድንጋዩ የለቀቀው ከመሬት 11 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሌሊቱን ዘንቧል፤ የመጨረሻው ፍንዳታ የተደረገው ከትናንት በስቲያ ነው። 14 ሰው በስም ተቆጥሯል፣ ሁሉም ደህና ነው፤ ሁለት ሾፌሮች ከክምሩ ወዲያ ከግድግዳው ርቀው ይገኛሉ። እስከ 1፡45 ድረስ ትንንሽ ድንጋይ ሁለት ጊዜ ወርዷል። ከግድግዳው ሥር 30 ሜትርና አናቱ ተዘግቷል፤ በመንገዱ ላይ ጥበቃ ቆሟል። ክምሩ አልተነካም። የግድግዳውን ሁኔታ የሚያይ ባለሙያ ይላክልን።»

እያንዳንዷ መስመር የምትመልሰው ጥያቄ አላት። ሰዓቱና ዝናቡ አንድ ላይ ሲነበቡ መንስኤው ውኃ መሆኑን ይጠቁማሉ። ከፍታው ባለሙያው የት እንደሚያይ ይነግረዋል። «ትንንሽ ድንጋይ ሁለት ጊዜ ወርዷል» የምትለው መስመር ከሁሉ ትበልጣለች፤ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ናትና። «ክምሩ አልተነካም» ደግሞ ማስረጃው አልጠፋም ማለት ነው። «ከባድ ናዳ ደርሶብናል፣ አስቸኳይ ትብብር ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ ግን ከዚህ አንዱንም አይመልስም።

የፍንዳታው ቀን ለምን ተጻፈ? ይኼን ስሰማ ቆሜ ነው የቀረሁት። ድማሚት ሲቀበር ሁሉም ላይፈነዳ ይችላል። ያልፈነዳው በዓለቱ ውስጥ ቀርቶ ከድንጋዩ ጋር ወርዶ ክምሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የኤክስካቫተር ጥርስ ቢያገኘውስ? ስለዚህ ፍንዳታ በሚደረግበት ካባ ክምሩን አስቀድሞ የሚያየው ፈቃድ ያለው የፍንዳታ ባለሙያ ነው። የተቆረጠ ሽቦ ወይም ገመድ ከታየ ሁሉም ሰው ይርቃል፣ የሚነካ የለም።

ፍተሻው ከሩቅ ይጀምራል። ባለሙያው ከ30 ሜትሩ ውጭ ቆሞ በሩቅ ማሳያ መነጽር ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ያነባል። አዲስ የተሰበረ ድንጋይ ፊቱ ንጹሕ ጥቁር ነው፤ የቆየ ስንጥቅ ፊት ግን ቡናማ ዝገት ወይም አፈር አለበት። የተለቀቀው ቦታ ፊቱ ቡናማ ከሆነ ስንጥቁ ድሮም ነበረ ማለት ነው፤ ወንድሞቹም ከጎኑ ይኖራሉ። ውኃ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ይታያል። ቀዩ መስመር ተቦርቡሮ ከላዩ ያለው ድንጋይ ወደ ውጭ ቀርቶ እንደሆነ ይታያል።

ቀጥሎ ከኋላ ዞሮ ወደ አናቱ ይወጣል፤ ወገቡ ከኋላ ባለ ጠንካራ ነገር በገመድ ታስሮ ነው ወደ ስንጥቁ የሚቀርበው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የቀለም ነጥብ ያደርግና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለካል። ወይም ጀሶ ይለጥፍበታል፤ ስንጥቁ ከሰፋ ጀሶው ይሰነጠቃል። ቀላል ነው፣ አይደል? ግን ምን ያህል እንደሚናገር ተመልከቱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 120 ሚሊ ሜትር ተለካ እንበል። 4 ሰዓት 121፣ 5 ሰዓት 122። በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር እየሄደ ነው። 6 ሰዓት ላይ 125 ሆነ፣ 7 ሰዓት 131። አያችሁ? ጭማሪው 1፣ 1፣ 3፣ 6 ሆነ። የሚያስፈራው ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ አይደለም፤ ጭማሪው ራሱ መጨመሩ ነው። ዓለት ከመውደቁ በፊት ብዙ ጊዜ እንዲህ እየፈጠነ ነው የሚሄደው። በዚህ ጊዜ ለካሁ ብሎ የሚጠጋ አይኖርም፤ ክልከላው ይሰፋል፣ ይጠበቃል።

ልኬቱ ግን ገደብ አለው። ቁጥሩ ቀጥ ብሎ መቆሙ ደህና ነው ማለት አይደለም። ባዛልት ድርቅ ያለ ድንጋይ ስለሆነ አንዳንዱ ምንም ሳያስጠነቅቅ ይለቃል፤ ከፊት ለፊት የማይታይ ከኋላ ያለ ስንጥቅም ማንም አይለካውም። ስለዚህ የተላቀቀው ነገር እስኪወርድ ድረስ ሥሩ አይገባም።

የሚወርደውም ከላይ ወደ ታች ነው። ከታች ቆሞ ወደ ላይ መጎርጎር በራስ ላይ ማፍረስ ነው። የሚቻል ከሆነ ረጅም ክንድ ባለው ኤክስካቫተር ከአናቱ ወይም ከጎን ይፈነቀላል። ካልሆነ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች በገመድ ታስረው በድጅኖ ያወርዱታል፤ በዚያ ሰዓት ከታች አንድም ሰው አይኖርም። ድጅኖው ሲመታው ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ድንጋይ ከዓለቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ድምፁ የታፈነ፣ ባዶ ነገር የተመታ የሚመስለው ከኋላው ለቅቋል። ድንጋይ በድምፁ ሲመረመር! ይኼን ሳውቅ መንደር ውስጥ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ ስመታ ነው የዋልኩት።

ክምሩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ሎደሩ ከግድግዳው በራቀው በኩል ይገባል፣ አፉን ወደ ክምሩ፣ ጀርባውን ወደ ነጻው መንገድ አድርጎ። ከሩቅ ግድግዳውን ብቻ የሚያይ፣ ሌላ ምንም ሥራ የሌለው ሰው ይቆማል። እሱ ምልክት ካሳየ ሎደሩ ሳይጠይቅ ይወጣል። አንድ ጭነት ተኩሉ በእርግጥም በአንድ ሰዓት ይነሳል፤ መጀመሪያ የተባለው እውነት ነበር፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተለወጠው።

መንገዱ ሲጸዳም ወዲያው አይከፈትም። ያየው ባለሙያ የቱ ክፍል እንደሚከፈት፣ የቱ እንደተዘጋ እንደሚቆይ፣ በምን ሁኔታ እንደገና እንደሚዘጋ በጽሑፍ ይሰጣል። ለኛ ካባ ቢጻፍ አራት ነገር ይበቃል፦ በግድግዳው ሥር የወደቀ ድንጋይ የሚይዝ የአፈር ግድብ ይሠራ፤ መንገዱ ወደፊት ከግድግዳው ይራቅ፤ ከባድ ዝናብ ባደረ ቁጥር ጠዋት ማንም ከመግባቱ በፊት አናቱ ይታይ፤ ከአናቱ ላይ የሚፈስ ውኃም በቦይ ወደ ጎን ይወሰድ። የመጨረሻዋ ከሁሉ ርካሽ ናት፤ ዶማና አካፋ ብቻ ነው የምትፈልገው። ግን ያን 8 ቶን ግፊት ገና ሳይጀምር የምታስቀረው እሷ ናት።

እናንተም ድንጋይ ልትገዙ ካባ የምትሄዱ፣ ወይም ዘመድ እዚያ የሚሠራላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ከግድግዳ ትንሽ ጠጠር ደጋግሞ ሲወርድ ካያችሁ፣ አናቱ ላይ ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ ካገኛችሁ፣ ወይም ዝናብ ሳይኖር ከድንጋዩ ውኃ ሲወርድ ካያችሁ፣ ከግድግዳው ቁመት ሁለት እጥፍ ራቁና ለኃላፊው ሰዓቱንና ቦታውን ንገሩት። ጭነቱ ነገም ይደርሳል።